ሦስት ስም፣ አራት ጣቢያ

ባቡሩ ከዴልሂ የተነሳው ማታ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲነጉድ አድሮ ጎህ ሲቀድ ቆመ። በመስኮቱ ጥግ፣ ታችኛው አልጋ ላይ ያደረው ኢትዮጵያዊ ተማሪ ሻንጣውን ጎትቶ ወረደ። ፊት ለፊቱ በቢጫ ሰሌዳ ላይ በጥቁር ፊደል «ባናራስ» ተብሎ ተጽፏል። ጓደኛው የሚማረው ባናራስ ሂንዱ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ትክክለኛው ቦታ ስለመድረሱ አልተጠራጠረም። ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«ደርሻለሁ። የት ነህ?»

«ፕላትፎርሙ ላይ ነኝ፣ ሻይ ከሚሸጠው ሰውዬ አጠገብ።»

«ሻይ ሻጩን አየሁት። አንተ ግን የለህም።»

«እኔም ሻይ ሻጩን ተደግፌ ነው የቆምኩት። በደንብ እይ!»

እንዲህ እየተጯጯሁ ከዳር እስከ ዳር ከተመላለሱ በኋላ እንግዳው የሰሌዳውን ፎቶ አንስቶ ላከ። ጓደኛው ቀና ብሎ በራሱ በኩል ያለውን ሰሌዳ ሲያነብ «ቫራናሲ ጃንክሽን» ይላል። አንድ ከተማ ውስጥ ሆነው በሁለት ጣቢያ ቆመው ነበር። ታሪኩን ያጫወቱኝ ሁለቱ እየተቀባበሉ ነው፤ ጥፋቱ የማን ነው በሚለው ግን እስካሁን አልተስማሙም።

ለነገሩ ሁለቱም ልክ ነበሩ። በጋንጀስ ዳር የተቆረቆረችው ይህች ጥንታዊት ከተማ ሦስት ስም አላት። በሃይማኖት መጻሕፍትና በምእመናን አፍ ካሺ ትባላለች። ነዋሪው በዕለት ተዕለት ንግግሩ ባናራስ ይላታል። መንግሥት ደግሞ ከ1956 ጀምሮ በይፋ ቫራናሲ ብሎ ይጽፋታል። ለከተማዋ ሦስቱም ስሞች እኩል ናቸው፣ ቫራናሲ ለማለት ባናራስ ያለ ሰው ስህተት አልሠራም። በባቡር ሐዲዱ ላይ ግን ሦስቱ ስሞች ለሦስት የተለያዩ ጣቢያዎች ተከፋፍለዋል። አራተኛው ጣቢያ «ቫራናሲ ሲቲ» የሚል ስም ወስዷል።

ትልቁና የታወቀው ቫራናሲ ጃንክሽን ነው። በትኬት ላይ BSB ተብሎ ይጻፋል። ከኒው ዴልሂ በጠዋት የሚነሳው ፈጣኑ ቫንዴ ባራት የሚደርሰው እዚህ ነው። ተማሪያችን የመጣበት ሺቭ ጋንጋ ኤክስፕረስ ግን የሚያበቃው BSBS በሚባለው በባናራስ ጣቢያ ነው። ካሺ KEI ሲሆን ከጋንጀስ ድልድይ አጠገብ ያለ አነስተኛ ጣቢያ ነው። ቫራናሲ ሲቲ BCY ነው፤ «ሲቲ» የሚለውን ሰምቶ ዋናው ጣቢያ ይኼ ይሆናል ብሎ የሚገምት እንግዳ ጥቂት አይደለም፣ ነገር ግን አይደለም። ይህ ሁሉ እንዳይበቃ የከተማው ባጃጅ ነጂዎች ቫራናሲ ጃንክሽንን በጽሑፍ ስሙ አይጠሩትም፤ «ካንት» ይሉታል፣ በእንግሊዞች ዘመን የጦር ሠፈር የነበረበት አካባቢ ስለሆነ። ስለዚህ በትኬቱ BSB፣ በሰሌዳው ቫራናሲ ጃንክሽን፣ በነጂው አፍ ካንት የሚባለው አንድ ቦታ ነው።

የኮዶቹ ነገር ከስሞቹ ይልቅ ይገርማል። BSB የሚሉት ፊደላት የሚመስሉት ባናራስን እንጂ ቫራናሲን አይደለም። እንዲህ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው፦ ጣቢያው ድሮ የሚጠራው በባናራስ ነበር፤ ሰሌዳው ተቀይሮ ቫራናሲ ሲባል ኮዱ እንዳለ ቀረ። ከዚያ በከተማዋ በሌላ በኩል ማንዱዋዲህ የሚባል ጣቢያ ነበር፣ ኮዱም MUV። በሐምሌ 2021 ይህ ጣቢያ ታድሶ «ባናራስ» የሚል ስም ተሰጠው። አዲስ ስም ሲሰጠው አዲስ ኮድ አስፈለገ፤ የባናራስ ፊደላት ግን በቫራናሲ ጃንክሽን ተይዘዋል። መፍትሔው በነባሩ ኮድ ጫፍ ላይ አንድ S መጨመር ሆነ። ውጤቱም ይኸው ነው፦ የባናራስን ፊደላት የያዘው ጣቢያ ቫራናሲ ይባላል፣ ባናራስ የሚባለው ጣቢያ ደግሞ በአንዲት ፊደል ብቻ ከእሱ ይለያል። በትንሽ የስልክ ስክሪን ላይ፣ በጥድፊያ መሀል፣ BSB እና BSBSን ለይቶ ማየት የዓይን ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ልዩነት መኖሩን አስቀድሞ የማወቅ ጉዳይ ነው።

እነዚህ አጫጭር ኮዶች ለተሳፋሪ ተብለው የተሠሩ አይደሉም። መነሻቸው የቴሌግራፍ ዘመን ነው። የጣቢያ ሠራተኛ ባቡር መነሳቱንና መድረሱን ለቀጣዩ ጣቢያ የሚያሳውቀው በሞርስ ምት ነበር፤ ረጅሙን የቦታ ስም ፊደል በፊደል መምታት ጊዜ ይፈጃል፣ ለስህተትም ይዳርጋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጣቢያ ከአንድ እስከ አራት ፊደል ተሰጠው። አንድ ፊደል ብቻ የደረሳቸው አሉ፦ ራይፑር R ነው፣ ጎንዲያ G ነው። ኋላ ኮምፒውተር መጥቶ የትኬት ሽያጩ ሁሉ በአንድ መረብ ሲተሳሰር ያው የቴሌግራፍ ኮድ ወደ ስክሪኑ ተሻገረ። ዛሬ ተሳፋሪው በስልኩ የሚያየው የዱሮ ቴሌግራፈኞች የሥራ ቋንቋ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ስም ሊደገም ይችላል፣ ኮድ ግን በአገሩ ሁሉ ለአንድ ጣቢያ ብቻ ነው የሚሰጠው። ማሽኑ ትኬት የሚቆርጠው በኮዱ እንጂ በስሙ አይደለም። ተሳፋሪና ማሽን ሳይግባቡ ሲቀሩ ተሳፋሪው ስም እያነበበ ነው፣ ማሽኑ ኮድ።

ኮድ ፈጽሞ አይቀየርም ማለት ግን አይደለም፤ እዚህ ላይ የህንድ ምድር ባቡር አንድ ወጥ ልማድ የለውም። ማድራስ ቼናይ ከተባለች ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ዋናው የቼናይ ሴንትራል ጣቢያ ግን ዛሬም MAS ነው። በዚያው ከተማ ወደ ደቡብ የሚሄዱ ብዙ ባቡሮች የሚነሱበት የኤግሞር ጣቢያ MS ይባላል። MAS እና MS፣ ሁለቱም ቼናይ፣ ሁለቱም ትልልቅ ጣቢያዎች ናቸው። በሌላ በኩል ሙጋልሳራይ የሚባለው ታላቅ መገናኛ በ2018 በአንድ የፖለቲካ ሰው ስም ሲሰየም ኮዱም ከMGS ወደ DDU ተቀየረ። DDU ከቫራናሲ ብዙም ስለማይርቅና ከዴልሂ ወደ ኮልካታ የሚያልፉ በርካታ ባቡሮች ወደ ቫራናሲ ሳይገቡ እዚያ ስለሚቆሙ፣ ወደ ቫራናሲ የሚሄድ ሰው በፍለጋው ውስጥ ይህን ኮድ ማግኘቱ አይቀርም። የቆየ የጉዞ መጽሐፍ ይዞ MGSን የሚፈልግ ሰው ግን በከንቱ ይደክማል።

አሁን ወደ ዴልሂ እንመለስ። ብዙው ኢትዮጵያዊ ህንድን የሚያውቀው በዚህች ከተማ በኩል ነው። የአዲስ አበባው አውሮፕላን በቀጥታ ይወርድባታል፤ ለሕክምና የሚመጣው ታካሚና አስታማሚ፣ ለትምህርት የሚመጣው ወጣት መጀመሪያ የሚረግጣት እሷን ነው። በጣቢያ ስም የምታምታታውም እሷው ናት፣ ከቫራናሲ በከፋ ሁኔታ።

አፑ ላይ «ዴልሂ» ብሎ ለሚጽፍ ሰው የሚመጣው ዝርዝር ረጅም ነው። NDLS ኒው ዴልሂ ነው። DLI ደግሞ በስክሪኑ ላይ ብዙ ጊዜ «ዴልሂ» ተብሎ ብቻ ይታያል፤ ሕዝቡ «ኦልድ ዴልሂ» ወይም «ፑራኒ ዲሊ» የሚለው፣ በሰሌዳው «ዴልሂ ጃንክሽን» የተባለው አሮጌው ጣቢያ ነው። NZM በከተማው ደቡብ ምሥራቅ ያለው ሃዝራት ኒዛሙዲን ነው። ANVT ከያሙና ወንዝ ማዶ በምሥራቅ ያለው አናንድ ቪሃር ተርሚናል ነው። DEE ዴልሂ ሳራይ ሮሂላ፣ DEC ዴልሂ ካንት። ሌሎችም አሉ፤ እንግዳ የሚያጋጥሙት ግን አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ናቸው።

ከሁሉም የሚያሳስተው DLI ነው። «ዴልሂ» ብቻ ተብሎ የተጻፈውን የሚያይ እንግዳ ከተማዋን የሚወክለው ዋናው ጣቢያ ይኸው ነው ብሎ ያስባል። ዋናው ለማለት ደግሞ ታክሲውን «ኒው ዴልሂ ስቴሽን» ይለዋል፣ ታክሲውም ወደዚያው ይወስደዋል። የስሙ አሰጣጥ የራሱ ታሪክ አለው። አሮጌው ጣቢያ የቆመው በግንብ በታጠረችው ጥንታዊ ከተማ ዳር ነው፤ አሁን የሚታየው ሕንፃ በ1903 ተከፈተ። ያኔ ሌላ ዴልሂ ስላልነበረች ተጨማሪ ቃል አላስፈለገውም። እንግሊዞች ዋና ከተማቸውን ከኮልካታ ወደ ዴልሂ ለማዛወር ከወሰኑ በኋላ በስተደቡብ አዲስ ከተማ ተሠራ፤ በ1926 በፓሃርጋንጅና በአጅሜሪ ጌት መካከል አነስተኛ ጣቢያ ተከፈተ፣ እሱም ኒው ዴልሂ ተባለ። ትንሹ አደገ፣ 16 ፕላትፎርም ያለው ሆነ፣ ታላቁን በዝና በለጠው። ስማቸው ግን እንደ ጥንቱ ነው፦ ታላቁ «ዴልሂ»፣ ታናሹ «ኒው ዴልሂ»።

ሁለቱ ቅርብ መሆናቸው መልካም ነው። በሜትሮው ቢጫ መስመር ከኒው ዴልሂ ተነስቶ አንድ ጣቢያ አልፎ በሁለተኛው መውረድ ነው። ግን እዚህም ሌላ ወጥመድ አለ። አሮጌው ጣቢያ አጠገብ ያለው የሜትሮ ጣቢያ «ኦልድ ዴልሂ» አይባልም፤ ቻንድኒ ቾክ ነው የሚባለው። የሜትሮው ካርታ ላይ DLIን የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።

አዲስ አበቤ ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። «ባቡር ጣቢያ» ሲባል አእምሮው የሚሄደው ወደ ለገሃር ነው፤ የቀላል ባቡሩም ፌርማታ በዚያ ስም አለ። የጅቡቲው ባቡር ግን የሚነሳው ከከተማው ዳር ከፉሪ ለቡ ነው። ለገሃር ሻንጣ ይዞ የቆመ ሰው ካለ ባቡሩ ከሱ ርቆ መንገድ ይጀምራል።

አንድ ጉዞ ከፍለጋ እስከ ሐዲድ እንከተል። አንዲት ሴት እናቷን ለሕክምና ዴልሂ አምጥታለች እንበል። ሕክምናው አልቆ ወደ አገር ከመመለሳቸው በፊት እናቷን ታጅ ማሃልን ልታሳይ ፈለገች። አፑን ከፍታ መነሻውን NDLS፣ መድረሻውን AGC አደረገች። AGC አግራ ካንት ነው፤ አግራም እንደ ዴልሂ አግራ ፎርትና አግራ ሲቲ የሚባሉ ሌሎች ጣቢያዎች አሏት፣ ፈጣኖቹ ባቡሮች የሚቆሙት ግን ካንት ላይ ነው።

ከሚመጡላት ባቡሮች ሁለቱ ለደርሶ መልስ ጉብኝት ይመቻሉ። አንደኛው ሻታብዲ ኤክስፕረስ በ06:00 የሚነሳ ነው። የትኬቱ ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ ይህ በእኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው፤ «ስድስት ሰዓት» ብሎ ለሚያነብ ሐበሻ ስድስት ሰዓት ሙሉ የሚያስቀር ነገር ነው። ሁለተኛው በ08:10 የሚነሳው ጋቲማን ኤክስፕረስ ነው፣ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ10። በዕድሜ የገፉ እናት ይዛ ጨለማ ላይ መነሳት ስለከበዳት ሁለተኛውን መረጠች። ምርጫዋ መልካም ነው። ነገር ግን ፍለጋዋን የጀመረችው በNDLS ቢሆንም አፑ በከተማው ካሉት ሌሎች ጣቢያዎች የሚነሱትንም ባቡሮች አብሮ ያሳያል፤ ጋቲማን የሚነሳው ደግሞ ከNZM ነው። ሰዓቱ ተለቅ ባለ ፊደል ይታያል፣ ጣቢያው ከሥሩ ወይም ከጎኑ ይጻፋል። ሰው ሰዓት ነው የሚያየው።

ሳታስተውል ቀርታ በማግሥቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ኒው ዴልሂ ብትደርስ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። በሰሌዳው ላይ የባቡሯን ቁጥር ትፈልጋለች፣ የለም። መረጃ ክፍል ተሰልፋ ስትጠይቅ «ኒዛሙዲን» ይሏታል። በመካከሉ ያለው ርቀት በግምት ከ7 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም የዴልሂ የጠዋት መኪና ጭንቅንቅ ውስጥ እናትን ይዞ፣ የሻንጣ ፍተሻ አልፎ፣ ፕላትፎርም ፈልጎ መድረስ የማይታሰብ ነው። ባቡሩ ደግሞ አይጠብቅም። (እግረ መንገዴን፦ ጋቲማን አርብ አርብ አይሄድም። ታጅ ማሃልም አርብ ለጎብኚ ዝግ ነው።)

እንዲህ ያለውን ለመከላከል ትኬቱን ማን እንደሚያነበው ማሰብ ይጠቅማል። በኢንተርኔት በሚቆረጥ የህንድ ትኬት ላይኛው ክፍል ሦስት ሳጥኖች አሉ፦ Booked From፣ Boarding At እና To። የመጀመሪያው ክፍያው የተቆጠረበትን መነሻ፣ ሁለተኛው ተሳፋሪው የሚሳፈርበትን፣ ሦስተኛው መድረሻውን ይነግራል። አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ አንድ በማይሆኑበት ጊዜ ግን የሚሠራው Boarding At ነው። አንድ ሰው ትኬቱን ከቆረጠ በኋላ መሳፈሪያውን በሌላ ጣቢያ ሊቀይር ይፈቀድለታል፤ ከቀየረ ግን በመጀመሪያው ጣቢያ የመሳፈር መብቱን ያጣል። ስለዚህ ትኬት የሚቆርጥልን ሌላ ሰው ከሆነ፣ ደላላም ይሁን ዘመድ፣ ከሦስቱ ሳጥኖች መጀመሪያ መታየት ያለበት መካከለኛው ነው።

በስልክ መልእክት የሚመጣው ማረጋገጫ ደግሞ ይበልጥ የተጨመቀ ነው። የተማሪያችን ጉዞ በመልእክት ሲታይ ቁምነገሩ እንዲህ ነበር፦

```
TRN:12560
SL, NDLS-BSBS
S4 31 SL
```

የባቡሩ ቁጥር 12560 ነው። በህንድ ጥንድ ባቡሮች ተከታታይ ቁጥር አላቸው፤ 12559 ያው ባቡር ከባናራስ ወደ ኒው ዴልሂ ሲመለስ ነው። በቁጥሩ የተሳሳተ ሰው በተቃራኒው አቅጣጫ ትኬት ሊቆርጥ ይችላል። ቀጥሎ NDLS-BSBS ይላል። ሁለቱ ጓደኛሞች ከጉዞው በፊት ይህን መሥመር ተላልከው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ጩኸት ባልኖረ ነበር፤ ተማሪው ግን የጻፈለት «ነገ ጠዋት ቫራናሲ እደርሳለሁ» ብሎ ብቻ ነበር።

SL ሁለት ጊዜ መምጣቱን ልብ ይሏል፣ ትርጉሙም አንድ አይደለም። የመጀመሪያው የማዕረግ ስም ነው፦ አየር ማቀዝቀዣ የሌለው፣ አልጋ ያለው ርካሹ ፉርጎ። ሁለተኛው የአልጋው ዓይነት ነው፦ ከመተላለፊያው ማዶ፣ በመስኮቱ በኩል ያለው ታችኛው አልጋ። S4 ፉርጎው ነው፣ 31 የአልጋው ቁጥር። የአልጋ ዓይነት ባይጻፍ እንኳ በቁጥሩ ማወቅ ይቻላል፤ በዚህ ዓይነቱ ፉርጎ አልጋዎቹ በስምንት በስምንት ስለሚደራጁ ቁጥሩን ለስምንት አካፍሎ ቀሪውን ማየት ነው። 31 ለስምንት ሲካፈል ቀሪው ሰባት ነው፤ ሰባት የጎን ታችኛው ነው፣ ያለ ቀሪ የሚካፈለው ደግሞ የጎን ላይኛው። ቀሪው አንድ ወይም አራት ከሆነ ታችኛው አልጋ ነው። እናት ይዞ ለሚጓዝ ሰው ይህች ስሌት ታችኛው አልጋ መድረሱን ለማረጋገጥ ትበቃለች።

በስሞች ጭራ ላይ የሚንጠለጠሉት ቃላትም ዝም ብለው የተቀመጡ አይደሉም። JN መገናኛ ማለት ነው፣ ሐዲዶች የሚገጣጠሙበት፤ ስለ ጣቢያው አቀማመጥ ብዙም አይነግርም። CANTT የእንግሊዝ ጦር ሠፈር የነበረበትን አካባቢ ያመለክታል፣ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ከአሮጌው የገበያ መሀል ራቅ ይላል። እጅግ መጠንቀቅ ያለብን ግን RD ወይም «ሮድ» የሚለውን ነው። ይህ ቃል ጣቢያው በከተማው ውስጥ አለመሆኑን፣ ወደ ከተማው የሚወስደው መንገድ ዳር መሆኑን ይናገራል። አቡ ሮድ ላይ የወረደ ሰው ማውንት አቡ ወደምትባለው የተራራ ከተማ ለመድረስ በመኪና ወደ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ መውጣት አለበት። ናሺክ ሮድም ከናሺክ ከተማ መሀል ኪሎ ሜትሮች ይርቃል። ቃሉን የማያውቅ ሰው ባቡሩ ደረሰ ብሎ ጉዞው ያለቀ ይመስለዋል።

ስም ከመብዛቱ የተነሳ የሚያደናግረውን ያህል አንድ ስም ለብዙ ጣቢያ መካፈሉም ያደናግራል። የዚህ ጥሩ ምሳሌ ፕራያግራጅ ናት፤ በ2018 ስሟ የተቀየረው የቀድሞዋ አላሃባድ። በ2020 የከተማዋ ጣቢያዎችም ተከትለው ስማቸውን ቀየሩ። አላሃባድ ጃንክሽን ፕራያግራጅ ጃንክሽን ሆኖ ኮዱ ከALD ወደ PRYJ ዞረ። አላሃባድ ሲቲ ፕራያግራጅ ራምባግ ተባለ፣ አላሃባድ ቼዮኪ ፕራያግራጅ ቼዮኪ፣ ፕራያግ ጋት ደግሞ ፕራያግራጅ ሳንጋም። ድሮም ፕራያግ ጃንክሽን የሚባል ሌላ ጣቢያ በዚያው ነበር። ድሮ አንዱን «አላሃባድ» ሌላውን «ፕራያግ» እያሉ ቢያንስ በሁለት ወገን ይለዩዋቸው ነበር፤ አሁን ስማቸው የተቀየረው አራቱም በአንድ ቃል ይጀምራሉ። በጠባብ ስክሪን ላይ ረጅም ስም ከመጨረሻው ሲቆረጥ የሚቀረው «ፕራያግራጅ» ብቻ ይሆናል፣ የሚለየው ክፍል ደግሞ የተቆረጠው ነው። በግሌ ስም ቀያሪዎቹ ይህን ማሰብ የነበረባቸው ይመስለኛል። ታሪክ ለማክበር የወጣ ስም ተሳፋሪውን የሚያደናግረው ከሆነ ቢያንስ የሚለየው ቃል ከፊት ሊመጣ ይችል ነበር።

የስም መመሳሰል ከመዘግየት የከፋ ነገር ሲያመጣም ታይቷል። በፈረንጆቹ የካቲት 15 ቀን 2025 ምሽት፣ ሚሊዮኖች ለመሐ ኩምብ በዓል ወደ ፕራያግራጅ በሚጎርፉበት ሰሞን፣ ኒው ዴልሂ ጣቢያ ውስጥ በተፈጠረ መረጋገጥ 18 ሰዎች ሞቱ። የዴልሂ ፖሊስ በመጀመሪያ የሰጠው ማብራሪያ «ፕራያግራጅ ኤክስፕረስ» እና «ፕራያግራጅ ስፔሻል» የተባሉ ሁለት ባቡሮች በተለያየ ፕላትፎርም ላይ በመሆናቸው ማስታወቂያው ሕዝቡን አደናግሮታል የሚል ነበር። በኋላ መንግሥት ለፓርላማ በሰጠው መልስ ደግሞ ከአንድ ተሳፋሪ ራስ ላይ የወደቀ ከባድ ጭነት ደረጃው ላይ ሰው አሰናክሎ አደጋውን እንዳስነሳ ገለጸ። ምክንያቱ የትኛውም ይሁን የትኛው፣ በዚያ ሌሊት ሁለቱም ባቡሮች የየራሳቸው ቁጥር ነበራቸው። በሚጮህ ድምፅ ማጉያ መሀል ግን የሰው ጆሮ የሚይዘው ስሙን ነው።

የዚህ ሁሉ ተቃራኒም አለ፣ ሙምባይ ውስጥ። ዳዳር የሚባለው ሰፊ ጣቢያ አንድ ስም፣ አንድ አካባቢ፣ በድልድይ የተያያዘ አንድ ግቢ ነው፤ ኮዱ ግን ሁለት ነው። በሴንትራል ሬይልዌይ ሐዲድ በኩል DR፣ በዌስተርን ሬይልዌይ በኩል DDR። ሁለቱ የአስተዳደር ክፍሎች በየራሳቸው ቁጥር ስለሚጠቀሙ ለረጅም ጊዜ በአንዱ ጣቢያ ሁለት «ፕላትፎርም ቁጥር 1» ነበር። በ2023 መጨረሻ ፕላትፎርሞቹ ከዳር እስከ ዳር በተከታታይ ቁጥር ተሰየሙ፤ ኮዶቹ ግን ሁለት እንደሆኑ ቀሩ። እዚያ DRን ከDDR ያምታታ ሰው ታክሲ አያስፈልገውም፣ ድልድዩን መሻገር ይበቃዋል።

ከቤት ከመውጣት በፊት የሚደረገው ነገር እንግዲህ ከባድ አይደለም። ከትኬቱ ላይ ስሙን ሳይሆን ኮዱን በወረቀት መገልበጥ፤ ያንን ኮድ በካርታ አፕ ላይ ከሙሉ ስሙ ጋር አድርጎ መፈለግና ነጥቡ ከተማው ውስጥ የት እንዳረፈ ማየት፤ ከዚያ ለነጂው ኮዱን ሳይሆን የአካባቢውን መጠሪያ መንገር። ነጂ BSB ሲባል አይገባውም፣ «ካንት» ሲባል ይገባዋል። የሚቀበለን ሰው ካለ ደግሞ የባቡሩን ቁጥርና የመድረሻውን ኮድ መላክ፣ ቁጥሩን ይዞ ባቡሩ የት እንደደረሰ ራሱ መከታተል ይችላል። ስልኩ ኢንተርኔት ከሌለው 139 ደውሎ መጠየቅ ይቻላል።

ኒው ዴልሂ ትክክለኛው ጣቢያ ሆኖ ሳለ እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ በየትኛው በኩል? ጣቢያው ሁለት ፊት አለው። በፓሃርጋንጅ በኩል የሚገባ ሰው ፕላትፎርም 1 ላይ ይደርሳል፣ በአጅሜሪ ጌት በኩል የሚገባ ደግሞ 16 ላይ። የሜትሮውም የኤርፖርት ባቡሩም መውጫ በአጅሜሪ ጌት በኩል ነው። ርካሽ ሆቴሎች የሚበዙት በፓሃርጋንጅ ስለሆነ እንግዳው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ባቡሩ 14 ላይ ከሆነ ሻንጣውን ይዞ ከሐዲዶቹ በላይ ያለውን ድልድይ ከሞላ ጎደል ጫፍ እስከ ጫፍ መሄድ አለበት። የፕላትፎርሙን ቁጥር አስቀድሞ ያየና በትክክለኛው በር የገባ ሰው ይህን ሁሉ እርምጃ ይቆጥባል። ይህ በትኬቱ ላይ አይጻፍም፣ ፕላትፎርሙም በመጨረሻው ሰዓት ሊቀየር ይችላል፤ ስለዚህ ከሆቴል ከመውጣት በፊት አንድ ጊዜ፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ደግሞ አንድ ጊዜ በሰሌዳው ላይ ማየት ነው፣ በባቡሩ ስም ሳይሆን በቁጥሩ።